ገዳሪፍ ላለ ሰው ማስፈንጠሪያ ሲላክ የማይደርሰው ምንድን ነው?

በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ለእርሻ ሥራ የተሻገሩ አሉ፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በኡም ራኩባና በቱናይድባ የተጠለሉም አሉ። ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ማዶ ዘመድ የሚልክላቸው መልዕክት ብዙ ጊዜ አንድ ሰማያዊ መስመር ብቻ ነው፤ የድረ ገጽ ማስፈንጠሪያ ወይም ሊንክ።

ማስፈንጠሪያ ግን አድራሻ እንጂ ጽሑፉ አይደለም። ተቀባዩ ሲነካው ስልኩ አድራሻው የሚያመለክተውን ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ ከዚያም ገጹን ከነፎቶዎቹና ከነማስታወቂያዎቹ ማውረድ ይጀምራል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በራሱ ኔትወርክና በራሱ ሒሳብ ነው። ላኪው ገጹን መክፈት መቻሉ ለተቀባዩ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ላኪዎችን ከሚያዘናጉ ነገሮች አንዱ በዋትስአፕ ከማስፈንጠሪያው ጋር የሚታየው ርዕስና ትንሽ ፎቶ ነው። ይህን ቅንጭብ የሚያዘጋጀው የላኪው ስልክ ሲሆን ከመልዕክቱ ጋር አብሮ ይጓዛል። ስለዚህ ገዳሪፍ ያለው ሰው ርዕሱን አይቶ ዜናው የደረሰው ይመስለዋል፤ ሲነካው ግን ባዶ ገጽ ይገጥመዋል። ርዕስ ብቻ አንብቦ መንገድ መጀመር ደግሞ አደገኛ ነው።

በአካባቢው ግንኙነት መቋረጡ አዲስ አይደለም። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሱዳንም ጦርነት ውስጥ እያለች በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ አብዛኛው የአገሪቱ ኔትወርክ ጠፍቷል። ኔትወርክ ለጥቂት ደቂቃ ብልጭ ሲል አጭር ጽሑፍ ሊገባ ይችላል፤ ከባድ ድረ ገጽ ግን መሃል ላይ ይቀራል። አንድ የግእዝ ፊደል በኢንተርኔት ሲላክ 3 ባይት ይይዛል። 600 ፊደላት ያሉት ማስታወቂያ እንግዲህ ወደ 2 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ ያው ማስታወቂያ የተለጠፈበት ገጽ ግን በሜጋባይት ሊቆጠር ይችላል።

ሌላው ችግር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። ማስፈንጠሪያው የሚያሳየው ገጹ በሚከፈትበት ሰዓት ያለውን እንጂ ላኪው ያነበበውን አይደለም። ጠዋት “ኬላው ክፍት ነው” ይል የነበረ ገጽ ማታ ታርሞ ወይም ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። ለጓደኞች ብቻ የተለቀቀ የፌስቡክ ጽሑፍ ወይም ከዝግ የቴሌግራም ቡድን የተቀዳ ማስፈንጠሪያ ደግሞ አባል ላልሆነ ሰው ጨርሶ አይከፈትም።

ታዲያ ምን ይላክ? ለምሳሌ ጎንደር ያለች እህት የመተማ–ገላባት ኬላ እንደሚዘጋ የወረዳውን ማስታወቂያ አነበበች እንበል። ወንድሟ ገዳሪፍ ነው። ኢንተርኔት ካለው የማስታወቂያውን ሙሉ ቃል ገልብጣ በመልዕክት መልክ ትልካለች፤ ማን እንዳወጣውና መቼ እንደወጣ ከላይ ትጽፋለች፤ ማስፈንጠሪያውን ከሥር ታስቀምጣለች። ከሥር የሚቀመጠው ያለ ምክንያት አይደለም፦ የተገለበጠ ጽሑፍ በመንገዱ ላይ ሊለወጥ ስለሚችል፣ ኔትወርክ ያገኘ ሰው ምንጩን እንዲያመሳክር ይረዳል። ማህተምና ፊርማው መታየት ካለበት የስክሪን ፎቶ ይጨመራል፤ ፎቶው ግን ከጽሑፍ ብዙ እጥፍ ይከብዳል፣ ቀኑና የገጹ ስም ከተቆረጠበትም ማስረጃነቱ ይቀንሳል።

ወንድሟ ኢንተርኔት ከሌለው የሚቀረው የጽሑፍ መልዕክት፣ ማለትም ኤስኤምኤስ ነው። በግእዝ ፊደል ሲጻፍ አንዱ መልዕክት 70 ፊደልና ምልክት ብቻ ይይዛል፤ በላቲን ፊደል ቢሆን 160 ይይዝ ነበር። ጽሑፉ ሲረዝም በየ67ቱ ይቆራረጣል፤ የ600 ፊደላቱ ማስታወቂያ 9 ቁራጭ ይሆናል፣ አንዱ ከጎደለም መልዕክቱ ሳይሟላ ይቀራል። ስለዚህ ፍሬ ነገሩን ማሳጠር ይሻላል፦

“መተማ-ገላባት ኬላ ከዓርብ የካቲት 6 (13/2) ጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ወረዳው ሐሙስ የገለጸው።”

ይህ ከ70 በታች ስለሆነ በአንድ መልዕክት ይገባል። “ከነገ ጀምሮ” አለመባሉን ልብ ይሏል። መልዕክቱ ሁለት ቀን ዘግይቶ ከደረሰ “ነገ” ሌላ ቀን ይሆናል። በቅንፍ ያለው 13/2 ሱዳን ውስጥ የሚሠራበት የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ሰዓት መጥቀስ ካስፈለገም የማን ሰዓት እንደሆነ መጻፍ ይገባል፤ ሱዳን ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ከኢትዮጵያ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት፣ አቆጣጠሯም ከእኩለ ሌሊት ይጀምራል። በኢትዮጵያ ከቀኑ 8 ሰዓት የሚባለው ገዳሪፍ ላይ 13 ሰዓት ነው።