ኳሷን በጆሮ መከተል

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1927 የእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. የአርሰናልንና የሸፊልድ ዩናይትድን ግጥሚያ ከሃይበሪ ሜዳ በቀጥታ አስተላለፈ። ራዲዮ ታይምስ የተባለው መጽሔቱም ሜዳውን በስምንት ክፍል ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶ አትሞት ነበር። ቴዲ ዌክላም ጨዋታውን ሲተርክ ረዳቱ ኳሷ ያለችበትን ቁጥር ይጠራል፤ አድማጩ ወረቀቱን ዘርግቶ ይከተላል።

ዘዴው ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ስትንሸራሸር ይበጃል። በመልሶ ማጥቃት ጊዜ ግን ኳሷ ከአንዱ ግብ ክልል ተነሥታ በ10 ሰከንድ ያህል ከሌላው ልትደርስ ትችላለች። በዚያ ጊዜ ከአንደበት የሚወጣው ከ20 እስከ 25 ቃል ቢሆን ነው። ቁጥሩ ተጠርቶ ሳያበቃ ኳሷ ክፍሉን ለቃ ሄዳለች።

በአማርኛ ደግሞ ሌላ ፈተና ይጨመራል፤ ማሰሪያ አንቀጹ የሚመጣው በመጨረሻ ነው። «የቀኝ ክንፉ ተጫዋች ከመሀል ሜዳ የተሻገረለትን ኳስ ወደ ግቡ መታ» የሚል ተራኪ «መታ» እስኪል ግብ ጠባቂው ኳሷን ይዟታል። እዚህ ላይ የሚደርስለት ቦዝ አንቀጽ ነው፦ «በቀኝ ተቀብሎ፣ አንዱን አልፎ፣ ወደ መሀል አሻምቶ…»። እያንዳንዱ ቃል አንዱን ድርጊት ይፈጽማል፤ ዐረፍተ ነገሩን ግን አይዘጋም። ማሰሪያው ለውጤቱ ይቆያል፦ «መታ፣ ገባ!» ወይም «ወጣች»። (ሰዋስው ክፍል ውስጥ ተማሪን የሚያሰለቸው ቦዝ እዚህ ሲሮጥ ይታያል።)

ድምፅም እንዲሁ ይቆጠባል። መሀል መስመሩ ላይ የጮኸ ተራኪ ለግቡ የሚያወጣው ድምፅ አይተርፈውም። መዘግየቱን የሚያጋልጠው ደግሞ ማይክሮፎኑ ራሱ ነው፤ ኳሷ ገና «እያለፈች» ሳለ የተመልካቹ ጩኸት ቀድሞ በአድማጩ ቤት ይሰማል።