የሙያ ትምህርት በር ለማን ተከፈተ?

በአገራችን ስለ ሙያና ቴክኒክ ትምህርት በተነሣ ቁጥር የሚቆጠረው አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ቤቱ፣ የመሣሪያውና የተመራቂው ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ይህን ትምህርት ከመደበኛው ትምህርት ለወጡ ወጣቶች እንደ መሻገሪያ አድርገን የምንመዝነው ከሆነ፣ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በበሩ ማን ገባ፣ ማንስ ከደጅ ተመለሰ የሚለው ነው። ያለፉት 80 ዓመታት ታሪክ በዚህ መስፈርት ሲታይ፣ በሩ በተደጋጋሚ እንደ ሰፋ ቢነገርም፣ ትምህርቱን በ4ኛ ወይም በ6ኛ ክፍል ያቋረጠው ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከውጪ እንደ ቀረ ያሳያል።

ከጣሊያን ወረራ ማግሥት፣ በ1934 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ኋላ ተግባረ እድ በሚል ስም የታወቀው ይህ ትምህርት ቤት የተነሣበት ዓላማ ለመንግሥት ሥራና ለድርጅቶች የሠለጠነ ባለሙያ ማቅረብ ነበር። ስለዚህም የሚቀበለው በቀለም ትምህርት በቂ ዓመታት የቆየውን ተማሪ ነበር። ከትምህርት ገበታ የተለየውን ልጅ መልሶ ማንሣት የታቀደበት አልነበረምና፣ ይህን ባለማድረጉ ሊወቀስ አይገባውም። ነገር ግን ለሙያ ትምህርት መግቢያው የቀለም ትምህርት ደረጃ ነው የሚለው ልማድ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሥር ሰደደ።

ልማዱን ለመለወጥ የተቃጣው የመጀመሪያው ታላቅ እቅድ በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀውና ሴክተር ሪቪው የሚባለው ጥናት ነው። ጥናቱ በመላ አገሪቱ የሚዳረስ የአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት፣ ዕድሜያቸው ላለፈባቸው ወጣቶችም የሁለት ዓመት ትምህርት እንዲሰጥ፣ ይዘቱም ከአካባቢው ኑሮና ሥራ ጋር እንዲያያዝ አሳሰበ። ከዚያ በላይ የሚቀጥለው ተማሪ ቁጥር ግን የተወሰነ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። ጥናቱ ለሕዝብ በተሰማ ጊዜ ወላጆችና መምህራን በብርቱ ተቃወሙት። የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. የተጀመረው የመምህራን የሥራ ማቆም አድማ ከደመወዝ ጥያቄ ጋር ይህን ተቃውሞ ያነገበ ሲሆን፣ መንግሥትም እቅዱን ለማንሣት ተገደደ። ተቃዋሚዎቹ የእጅ ሥራን ንቀው ነበር ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። እነርሱ የፈሩት የድሀ ልጅ በአራተኛ ክፍል ወደ እርሻና ወደ እጅ ሥራ ሲላክ፣ የባለጸጋው ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሄዱን እንዳይቀጥል ነበር። ከዚህ የምንማረው፣ ወደ ላይ የሚያስቀጥል መንገድ የሌለው የሙያ ትምህርት በወላጅ ዓይን እንደ መሻገሪያ ሳይሆን እንደ መጣያ የሚታይ መሆኑን ነው።

በደርግ ዘመን የተስፋፉት የማኅበረሰብ ክህሎት ማሠልጠኛ ማዕከላት በዚህ ረገድ የተለየ ፈር ቀደዱ። ቁጥራቸው በ400 አካባቢ የደረሰው እነዚህ ማዕከላት የትምህርት ማስረጃ ሳይጠይቁ በግንባታ፣ በእንጨት ሥራ፣ በሽመና፣ በሸክላና በብረት ሥራ አጫጭር ሥልጠና ይሰጡ ነበር። ሠልጣኞቹም በገበሬ ማኅበራት ተመርጠው የሚመጡና ወደ መንደራቸው የሚመለሱ ነበሩ። በሩ በእርግጥ ሰፊ ነበር። ድክመቱ የታየው ከሥልጠናው በኋላ ነው፤ ወጣቱ ወደ ቀዬው ሲመለስ መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ካላገኘና በመንደሩ ለሚሠራው በርና መስኮት ገዢ ከሌለ፣ የተማረው እጅ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ወቅት አያሌ ማዕከላት ተዘረፉ፤ ከዚያም በኋላ ብዙዎቹ በበጀት ማነስ ተዳከሙ።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከየትኛውም የትምህርት ደረጃ ለሚወጡ ወጣቶች የሙያ ሥልጠና እንደሚሰጥ አስቀምጦ ነበር። ሐሳቡ ቀና ነበር፤ አፈጻጸሙ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዘነበለ። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው 10+1፣ 10+2 እና 10+3 የተባለው አደረጃጀት፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ የሚቀበለው 10ኛ ክፍልን ጨርሶ ለመሰናዶ የሚያበቃ ውጤት ያላገኘውን ተማሪ ነበር። ከግብርና ውጪ ያሉት የሙያ ተቋማት በ1989 ዓ.ም. 17 ብቻ የነበሩ ሲሆን፣ በ1997 ዓ.ም. 199 ደረሱ፤ ሠልጣኞቹም ከ3 ሺህ ወደ 106 ሺህ ገደማ አሻቀቡ። ይህ እድገት ታላቅ ቢሆንም፣ 10ኛ ክፍል ያልደረሰውን አልነካም። ከዚህም በላይ ሥልጠናው በክፍል ውስጥ ንድፈ ሐሳብ ላይ ያተኮረ፣ የመለማመጃ ዕቃ ያነሰውና የአሠሪውን ፍላጎት ያልጠየቀ በመሆኑ፣ አሠሪዎች የምስክር ወረቀቱን በጥርጣሬ ይመለከቱት ጀመር።

በ2000 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ ስትራቴጂ ጥያቄውን ገለበጠው፤ «የት ተማርህ?» ከማለት ይልቅ «ምን መሥራት ትችላለህ?» አለ። ለእያንዳንዱ ሙያ ደረጃ ወጣለት፤ ምዘናውም ከማሠልጠኛው ተለይቶ በየትም ቦታ ለተማረ ሰው ክፍት ሆነ። ነገሩ እንዲብራራ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ወጣት 6ኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ መርካቶ በአንድ የብየዳ ቤት አምስት ዓመት ሠራ እንበል። ለምዘና ሲመዘገብ ሙያው በየክፍሉ ተተንትኖ ይቀርብለታል፤ በጽሑፍና በተግባርም ይፈተናል። ሁለት ላሜራ አጋጥሞ ሲበይድ መገጣጠሚያው ያልተሰነጠቀ፣ ቀዳዳና ቆሻሻ ያልቀረበት ሆኖ ይገኛል። ነገር ግን የሥራውን ንድፍ አንብቦ ልኩን በሚሊ ሜትር ማውጣት ይሳነዋል፤ የጽሑፉንም ጥያቄ በቅጡ አይረዳውም። በዚህም ምክንያት «ገና ብቁ አይደለም» ይባላል።

የሥርዓቱ ጥቅምም ሆነ ጉድለት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ይህ ወጣት እንደ አዲስ የአንድ ዓመት ሥልጠና አያስፈልገውም፤ የጎደለው ንድፍ ማንበብና ልክ መለካት ብቻ ስለ ሆነ፣ ከሥራው ሳይለይ በማታ በሚሰጥ የጥቂት ሳምንታት ትምህርት ሊሟላለት ይችላል። በአቅራቢያው ያለው ኮሌጅ ይህን ለይቶ የማያስተምር ከሆነና የምዘናው ቀን ደግሞ የቀን ገቢውን የሚያስቀርበት ከሆነ ግን፣ ወጣቱ ተመልሶ አይመጣም። በሩ በሕግ ክፍት ሆኖ በተግባር የተዘጋ ይሆናል ማለት ነው።

ዛሬ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እስከ 12ኛ ክፍል ዘልቋል። ለ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት 900 ሺህ ገደማ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ይህን ያህል ወጣት ወደ ሙያ ኮሌጆች ፊቱን ሲያዞር፣ ቦታው ሁሉ በእርሱ ተይዞ በ6ኛ ክፍል ያቋረጠው እንደ ገና ወደ ኋላ እንዳይገፋ ያሰጋል። ስለዚህ ውጤቱን የሚመዝን ሰው የተመራቂውን ድምር ብቻ አይመልከት። የምዘና ጣቢያዎችን መዝገብ ይግለጥና ተመዛኙ የተወው በስንተኛ ክፍል እንደ ነበር፣ ሙያውን ከኮሌጅ ወይስ ከሥራ ቦታ እንዳገኘው፣ ብቁ ካልተባሉትም ውስጥ ስንቱ ለሁለተኛ ጊዜ እንደ ቀረበ ይቁጠር። የመጨረሻው ቁጥር አነስተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ ሥርዓቱ ከትምህርት የወጣውን ወጣት መዘነው እንጂ አላሻገረውም።