የማስረዳት ሸክም

የማስረዳት ሸክም በክርክር ውስጥ አንድን ፍሬ ነገር በማስረጃ የማረጋገጥ ግዴታ በማን ላይ እንደሚወድቅ የሚወስን የሕግ መርህ ነው። በመሠረቱ ግዴታው የሚወድቀው ነገሩ አለ ወይም ተፈጽሟል በሚለው ወገን ላይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2001፣ ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው የግዴታውን መኖር፣ ግዴታው ፈራሽ ነው፣ ተለውጧል ወይም ቀርቷል የሚል ደግሞ ይህንኑ እንዲያስረዳ ይደነግጋል።

ለምሳሌ ከሳሽ 10,000 ብር አበድሬዋለሁ ቢልና ተከሳሽ ቢክድ፣ ብድሩን የሚያስረዳው ከሳሽ ነው። ተከሳሹ አለመበደሩን እንዲያስረዳ አይጠየቅም፤ ያልተደረገ ብድር ውልም ሆነ ምስክር የለውምና። ሸክሙ በእርሱ ላይ ቢሆን ኖሮ ማንም ሰው በባዶ ክስ ባለዕዳ ይሆን ነበር። ከዚህም በላይ አንቀጽ 2472 ከ500 ብር የበለጠ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም ፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ብቻ ነው ስለሚል፣ ከሳሹ ምስክሮችን ብቻ ቢያቀርብ አይበቃውም።

ተከሳሹ «ተበድሬ ነበር፤ ግን ከፍያለሁ» ካለ ግን ብድሩን አምኗል። አዲስ ነገር ያነሣው እርሱ ስለሆነ፣ መክፈሉን የማስረዳት ሸክም ወደ እርሱ ይዞራል።

መርሁ ይበልጥ የሚታየው የሁለቱ ወገኖች ማስረጃ እኩል ሲመዝን ነው። ያን ጊዜ የሚፈረደው ሸክሙን ባልተወጣው ወገን ላይ ነው።