የተማሪ ሲቪ

የተማሪ ሲቪ የቅጥር ልምድ የሌለው ተማሪ ወይም አዲስ ተመራቂ የተማረውን፣ የሠራቸውን ፕሮጀክቶችና የሰጠውን የበጎ ፈቃድ አገልግሎት አደራጅቶ ለቀጣሪ የሚያቀርብበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ነው። በኢትዮጵያ «0 ዓመት» ተብሎ ለሚወጣ ክፍት የሥራ መደብ የሚቀርበው በአብዛኛው ይህ ዓይነቱ ነው። ልምድ ካለው ሰው ሲቪ የሚለየው በዋናነት በቅደም ተከተሉ ነው፦ ትምህርት ወደ ላይ ይወጣል፣ «የሥራ ልምድ» የሚለው ርዕስ ይቀራል፣ ቦታውን ፕሮጀክትና በጎ ፈቃድ ይይዙታል። ርዕሱን አስቀምጦ ሥሩ «የለም» ብሎ መጻፍ የተለመደ ቢሆንም ጥቅም የለውም።

አመጣጥ

በርካታ ጽሑፎች የመጀመሪያው ሲቪ እያሉ የሚጠቅሱት ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1482 እ.ኤ.አ. ገደማ ለሚላኑ ገዢ ለሉዶቪኮ ስፎርዛ ያዘጋጀውን ደብዳቤ ነው። አባባሉ ግን አከራካሪ ነው። ለዛሬ የደረሰው ረቂቁ ብቻ ሲሆን፣ የሚገኘውም በሚላን አምብሮዚያና ቤተ መጻሕፍት በተቀመጠው ኮዴክስ አትላንቲከስ ውስጥ ነው። የእጅ ጽሑፉም የሊዮናርዶ አይመስልም፤ እሱ ለራሱ ማስታወሻ ሲይዝ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፍ ነበር፣ ረቂቁ ግን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የተጻፈው። ደብዳቤው ለመላኩም ማረጋገጫ የለም። በይዘቱ ካየነው ከሲቪ ይልቅ ለሥራ ማመልከቻ ይቀርባል።

ይሁን እንጂ ለዚህ መጣጥፍ የሚጠቅም ነገር አለው። ሊዮናርዶ በዚያን ጊዜ 30 ዓመት ገደማ የሆነው፣ በሠዓሊነቱ የሚታወቅ ሰው ነበር። ደብዳቤው ግን ተንቀሳቃሽ ድልድይ፣ የምሽግ መስበሪያና መድፍ ለመሥራት እንደሚችል ተራ በተራ ይዘረዝራል፤ ሥዕሉን የሚያነሣው ወደ መጨረሻው ነው። ዝርዝሩ በአብዛኛው «እሠራለሁ» እንጂ «ሠርቻለሁ» አይደለም። የዛሬ ተማሪ ሲቪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚሁ ነው፦ ተስፋ ይበዛበታል፣ የተሠራ ነገር ያንስበታል።

ትምህርት

የተቋሙ ስም፣ የትምህርት ክፍሉ፣ የምረቃ ዓመቱና አማካይ ውጤቱ በሁለት ወይም በሦስት መስመር ያልቃሉ። ዝቅ ያለ ውጤትን ከሲቪው መተው ይመከራል የሚሉ አሉ፤ ትራንስክሪፕት አብሮ በሚጠየቅበት ቦታ ግን መደበቁ ብዙም አያዛልቅም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መውሰድ ስላለባቸው፣ ማለፊያውም 50 በመቶ ስለሆነ፣ ፈተናውን ማለፍ በአንድ መስመር ይገለጻል።

ኮርሶችን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም። ከሥራ መደቡ ጋር የሚገናኙ አራት ወይም አምስት ኮርሶች ይበቃሉ፤ ኮመን ኮርሶች ይቀራሉ። ኮርስ ክብደት የሚያገኘው በውስጡ የተሠራ ነገር አብሮ ሲጠቀስ ነው።

ፕሮጀክት

አንዲት የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተመራቂ ለጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ መደብ ታመለክታለች እንበል። በመጀመሪያው ረቂቋ ላይ ያሰፈረችው ይህ ነው፦

«የመመረቂያ ጽሑፍ፦ በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር የውስጥ ቁጥጥር ሥርዓት ላይ የተደረገ ጥናት።»

ቀጣሪው ከዚህ የሚያገኘው ርዕሱን ብቻ ነው። ጥናቱን ስትሠራ ግን የማኅበሩን ሰነዶች አገላብጣለች፣ ከባንክ መግለጫ ጋር አነጻጽራለች። ይህ ደግሞ የሂሳብ ሠራተኛ በየወሩ የሚሠራው ሥራ ነው። ስለዚህ መስመሩ እንዲህ ይለወጣል፦

«የአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበርን የ12 ወራት የገቢና ወጪ ሰነዶች ከባንክ መግለጫ ጋር በኤክሴል አመሳከርኩ፤ ደረሰኝ ያልተያያዘላቸውን 17 ክፍያዎች ለይቼ ዝርዝሩን ለማኅበሩ ኮሚቴ አቀረብኩ።»

አሁን አራት ነገር ታውቋል፦ ምን እንደተሠራ፣ በምን ያህል ሰነድ ላይ፣ በምን መሣሪያ፣ ምንስ እንደተገኘ። ቁጥሩ ትልቅ መሆን የለበትም፤ እውነት መሆን ግን አለበት። የማኅበሩ ስም የሚጻፈው ማኅበሩ ከፈቀደ ነው፤ የሌላ ድርጅትን ጉድለት በስም ጠርቶ ማውጣት ለአመልካቿም አይበጃትም፣ ምክንያቱም የሰው ምሥጢር የማትጠብቅ የሂሳብ ሠራተኛ ያስመስላታል።

የቡድን ሥራ ጥንቃቄ ይሻል። አምስት ተማሪዎች አብረው የሠሩትን ፕሮጀክት አምስቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ገልብጠው ለአንድ መሥሪያ ቤት ሲያስገቡ፣ ሲቪዎቹ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ ነገሩ ይጋለጣል። «የአምስት ሰው ቡድን፤ የእኔ ድርሻ የመጠይቁን መልሶች ማደራጀትና ሠንጠረዦቹን ማዘጋጀት» ብሎ መለየት ይሻላል። ገዝተው ወይም አስጽፈው ያስረከቡት የመመረቂያ ጽሑፍም በቃለ መጠይቅ ይታወቃል፤ «ናሙናውን እንዴት መረጥሽ?» የሚለው አንድ ጥያቄ ይበቃዋል።

በጎ ፈቃድ

እዚህ ላይ የተለመደው ስህተት የክበብ ስም መደርደር ነው። የአንድ ቀን ችግኝ ተከላ ለብቻው መስመር አይገባውም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለአንድ ሴሚስተር ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ኃላፊነት ግን እንደ ፕሮጀክቱ ሁሉ በተግባር ይገለጻል። ከላይ የተጠቀሰችው ተመራቂ በግቢው የበጎ አድራጎት ክበብ ገንዘብ ያዥ ከነበረች «የክበቡ አባል» ማለቷ ራሷን መበደል ነው። «ወርሃዊ መዋጮ በደረሰኝ ተቀብዬ መዝገብ ያዝኩ፣ በየሴሚስተሩ መጨረሻ ለአባላት ሪፖርት አቀረብኩ» ስትል ግን ስለ ገንዘብ አያያዟ ይናገራል። የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት መስጠትና የቀይ መስቀል አገልግሎትም በዚሁ መንገድ ይጻፋሉ።

በቤተ ክርስቲያን ወይም በመስጊድ የተሰጠ አገልግሎት ይጻፍ አይጻፍ በሚለው ላይ ስምምነት ያለ አይመስልም። የሚያስኬደው ምናልባት ተግባሩን ማስቀደም ነው፦ ለ40 ልጆች የሒሳብ ትምህርት ማስተማር የትም ይሰጥ የት ማስተማር ነው።

ስምና ዓመት

በሲቪው ላይ የሚሰፍረው ስም ከዲግሪውና ከመታወቂያው ጋር በፊደል አጻጻፍ ጭምር መመሳሰል አለበት። የላቲን አጻጻፉ በአንዱ ወረቀት በአንድ መንገድ፣ በሌላው በሌላ መንገድ ሲሰፍር ማጣራት ያስከትላል። የዓመት አቆጣጠርም እንዲሁ ነው፦ ሰኔ 2016 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሲቪ ላይ 2016 ብሎ ከተወው አንባቢው ከእውነተኛው ጊዜ ስምንት ዓመት ቀድሞ የተመረቀ አድርጎ ያነበዋል። አንድ አቆጣጠር መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያ መጽናት ይገባል።

ቅርጽ

አንድ ገጽ፣ በፒዲኤፍ። የፋይሉ ስም የአመልካቹ ስም እንጂ CV_final2 አይሁን።

ዋቢ ሰዎች

በኢትዮጵያ ሁለት ወይም ሦስት ዋቢ ሰዎችን ከስልካቸው ጋር መጻፍ የተለመደ ነው። ልምድ ለሌለው ተማሪ የሚመቹት የመመረቂያ ጽሑፉ አማካሪና የበጎ ፈቃዱ አስተባባሪ ናቸው፤ ዘመድ አይጻፍም። ስማቸው ከመስፈሩ በፊት ፈቃዳቸው ይጠየቃል፣ ሲቪውም ይላክላቸዋል፤ ስልክ ሲደወልላቸው የሚመሰክሩት በዚያ ላይ የሰፈረውን ነውና።