የባንክ የአገልግሎት ክፍያ ለውጥ ማስታወቂያ፦ ሙያዊ ቃላትን ሕጋዊ ይዘታቸውን ሳያጡ በግልጽ ቋንቋ ስለመተካት

ባንክ የአገልግሎት ክፍያውን ሲለውጥ የሚያወጣው ማስታወቂያ የደንበኛውን ገንዘብ በቀጥታ የሚመለከት ሰነድ ነው። ደንበኛው ከማስታወቂያው ቢያንስ አራት ነገሮችን ሊረዳ ይገባል፤ እነርሱም ክፍያው የሚመለከተው የትኛውን አገልግሎት እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሰላ፣ ከማን ሂሳብ እንደሚቀነስ እና ከመቼ ጀምሮ ተፈጻሚ እንደሚሆን ነው። ሙያዊ ቃላት ሲበዙ እነዚህ ነጥቦች ይሸፈናሉ። ቃላቱ ያለ ጥንቃቄ ሲቀሉ ደግሞ ጽሑፉ ግልጽ ቢመስልም ይዘቱ ይለወጣል። ይህ ጽሑፍ አንድን ማስታወቂያ በምሳሌነት ወስዶ ግልጽነትና ሕጋዊ ትክክለኛነት እንዴት አብረው እንደሚጠበቁ ያስረዳል።

የሚተኩ ቃላት እና የሚብራሩ ቃላት

በባንክ ማስታወቂያ ውስጥ የሚገኙ ከባድ ቃላት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ከሥራ ልማድ የመጡና ያለ ምንም ጉዳት ሊተኩ የሚችሉ ናቸው። «ዴቢት ይደረጋል» በሚለው ምትክ «ከሂሳቡ ይቀነሳል»፣ «ኢንተር-ባንክ ትራንስፈር» በሚለው ምትክ «ወደ ሌላ ባንክ ገንዘብ ማስተላለፍ» ቢባል ትርጉሙ አይጓደልም።

ሁለተኛዎቹ ሕግ ወይም ውል የተወሰነ ትርጉም የሰጣቸው ናቸው። «ተጨማሪ እሴት ታክስ» ለዚህ ምሳሌ ነው። ታክሱ በአጠቃላይ «ግብር» ወይም «የመንግሥት ክፍያ» ተብሎ ቢተካ ደንበኛው የትኛው ታክስ በስንት መቶኛ እንደተጠየቀ ማጣራት አይችልም። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱ ቃል በቦታው ይቆያል፤ ከጎኑ መጠኑና በክፍያው ላይ የሚያመጣው ለውጥ በብር ይገለጻል።

ለምሳሌ የቀረበ ማስታወቂያ

የሚከተለው ጽሑፍ ለማስረጃነት የተዘጋጀ ሲሆን የየትኛውም ባንክ ማስታወቂያ አይደለም።

«ባንኩ የታሪፍ ማሻሻያ ያደረገ በመሆኑ ከጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በኢንተር-ባንክ ትራንስፈር ላይ 0.5 በመቶ ኮሚሽን፣ ሚኒመም 10 ብር ማክሲመም 100 ብር፣ ቫት ሳይጨምር ከላኪው አካውንት ዴቢት የሚደረግ መሆኑን እየገለጽን፣ ባንኩ ታሪፉን የማሻሻል መብቱ የተጠበቀ ነው።»

ይህን ለማቅለል በመጀመሪያ የሚታሰበው «ወደ ሌላ ባንክ ገንዘብ ሲላክ እስከ 100 ብር ይከፈላል» ብሎ መጻፍ ነው። አረፍተ ነገሩ ለማንበብ ቀላል ነው፤ ነገር ግን ትክክል አይደለም። ዝቅተኛው ክፍያ 10 ብር መሆኑ ቀርቷል። ታክሱም ስለተረሳ ከፍተኛው ክፍያ ዝቅ ብሎ ታይቷል፤ በ100 ብር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል ከደንበኛው የሚቀነሰው 115 ብር ነው። በዚህ ማስታወቂያ ተማምኖ ገንዘብ የላከ ደንበኛ ከተነገረው በላይ ይከፍላል፤ ባንኩም ራሱ የጻፈውን ለማስተባበል ይገደዳል።

«0.5 በመቶ ወይም 10 ብር» ብሎ መጻፍም ተመሳሳይ ችግር አለው። «ወይም» የሚለው ቃል ምርጫው የማን እንደሆነ አይናገርም። «ከሁለቱ የሚበልጠው» የሚል ሐረግ ሲጨመር ግን አሻሚነቱ ይወገዳል።

ተስተካክሎ የተጻፈው ማስታወቂያ

«ከባንኩ ሂሳብ ወደ ሌላ ባንክ ሂሳብ ገንዘብ ሲተላለፍ የሚጠየቀው ክፍያ ከሐሙስ ሌሊት 6፡00 ሰዓት በኋላ፣ ማለትም ከዓርብ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. (ጃንዋሪ 9 ቀን 2026) መግቢያ ጀምሮ ይለወጣል። አዲሱ ክፍያ ከሚተላለፈው ገንዘብ 0.5 በመቶ ነው። ሆኖም ከ10 ብር አያንስም፤ ከ100 ብርም አይበልጥም። በዚህ ክፍያ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይታከላል። ክፍያውም ታክሱም ከላኪው ሂሳብ ይቀነሳሉ፤ ተቀባዩ የተላከለትን ገንዘብ ሳይጎድል ያገኛል።»

ከዚህ ቀጥሎ ሦስት ስሌቶች ቢቀመጡ ደንበኛው የራሱን ክፍያ በቀላሉ ያውቃል።

- 1,000 ብር ሲላክ፦ 0.5 በመቶው 5 ብር ስለሆነ ዝቅተኛው 10 ብር ይጠየቃል፤ ከታክስ ጋር 11.50 ብር።
- 10,000 ብር ሲላክ፦ 0.5 በመቶው 50 ብር ነው፤ ከታክስ ጋር 57.50 ብር።
- 50,000 ብር ሲላክ፦ 0.5 በመቶው 250 ብር ቢሆንም ከ100 ብር አይበልጥም፤ ከታክስ ጋር 115 ብር።

የቀኑና የሰዓቱ አጻጻፍ ትኩረት የሚሻ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ከጠዋቱ 12፡00 ሰዓት ነው ተብሎ ሊታሰብ ይችላል፤ የባንክ የኮምፒዩተር ሥርዓት ግን ቀኑን በእኩለ ሌሊት ሊለውጥ ይችላል። ሰዓቱ ካልተገለጸ በዚያ ሌሊት ገንዘብ የላከ ሰው በየትኛው ክፍያ መስተናገድ እንዳለበት ክርክር ይነሣል።

ተስተካክሎ የተጻፈው ማስታወቂያ ከመጀመሪያው ይረዝማል። ግልጽ ጽሑፍ ሁልጊዜ አጭር አይደለም፤ በአንድ ቃል ውስጥ የታመቀው ግዴታ ሲፈታ ቦታ ይወስዳል።

«ማሻሻያ» እና «መብቱ የተጠበቀ ነው»

«ማሻሻያ» የሚለው ቃል በተለመደው አነጋገር ነገሩ ወደ ተሻለ ሁኔታ መለወጡን ያመለክታል። ክፍያው ከጨመረ «ጭማሪ»፣ ከቀነሰ «ቅናሽ» መባል አለበት። የቀድሞው ክፍያ ከአዲሱ ጎን ካልተጻፈም ደንበኛው ለውጡ ምን ያህል እንደሆነ ሊመዝን አይችልም።

«መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚለውን ሐረግ መተካት የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሐረጉን «ባንኩ በፈለገ ጊዜ ክፍያውን ይለውጣል» ብሎ ማቅለል በውሉ ውስጥ የሌለ ሥልጣን ለባንኩ ሊሰጥ ይችላል። ሙሉ በሙሉ መሰረዝም ክፍያው ዳግመኛ እንደማይለወጥ ያስመስላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይጸናል። ስለዚህ ትክክለኛው አካሄድ ሐረጉን ከውሉ ጋር ማመሳከርና ውሉ የሚለውን ያህል ብቻ መጻፍ ነው። ለምሳሌ ውሉ አስቀድሞ የማሳወቅ ግዴታ ካለው «ባንኩ ወደፊት ክፍያውን ሊለውጥ ይችላል፤ ከመለወጡ በፊት በውሉ በተመለከተው ጊዜና መንገድ ያሳውቃል» ይባላል።

የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1686 ደግሞ አንዱ ተዋዋይ በሥራው የሚጠቀምባቸው አጠቃላይ የውል ሁኔታዎች ሌላውን ወገን የሚያስገድዱት ይህ ወገን አውቆ ሲቀበላቸው ወይም በመንግሥት ባለሥልጣን የተደነገጉ ወይም የጸደቁ ሲሆኑ እንደሆነ ይደነግጋል። ደንበኛው ሊረዳው በማይችል ቋንቋ የተጻፈ ማስታወቂያ «አውቆ ተቀብሏል» ለማለት አስቸጋሪ ስለሚሆን ግልጽ አጻጻፍ ባንኩንም ይጠቅማል።

ማስታወቂያው ግልጽ ያልሆነለት ደንበኛ

ደንበኛው ብዙ ጊዜ የሚልከውን የገንዘብ መጠን ጠቅሶ ታክስን ጨምሮ በጠቅላላው ስንት ብር እንደሚቀነስ ቅርንጫፉን በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ወደ ሞባይል ገንዘብ ሂሳብ የሚላክ ገንዘብ በለውጡ ይካተት እንደሆነም ማረጋገጥ ይገባል፤ «ወደ ሌላ ባንክ» የሚለው አገላለጽ ይህን በራሱ አይመልስምና። ከለውጡ በኋላ የተቀነሰው ገንዘብ ከማስታወቂያው የሚበልጥ ከሆነ ደንበኛው የማስታወቂያውን ቅጂና የሂሳብ መግለጫውን አያይዞ በመጀመሪያ ለባንኩ አቤቱታ ያቀርባል። በዚያ መፍትሔ ካላገኘ ጉዳዩን ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማቅረብ ይችላል።