የዑደታዊ ቡድን አውቶሞርፊዝሞችና በሞዱሎ n ተገላቢጦሽ ያላቸው ቁጥሮች

አንድን አባል ደጋግሞ በመደመር ወይም በመቀነስ ብቻ ሁሉም አባላቱ የሚገኙበት ቡድን ዑደታዊ ቡድን ሲባል፣ ያ አባል አመንጪ ይባላል። n አባላት ያሉት ማንኛውም ዑደታዊ ቡድን፣ አባላቱ የቱንም ያህል የተለየ መልክ ቢኖራቸው፣ በአሠራሩ ከ0 እስከ n−1 ካሉ ቁጥሮች ቡድን አይለይም፤ በዚህ ቡድን ውስጥ ሁለት ቁጥሮች ከተደመሩ በኋላ ድምሩ ለn ተካፍሎ ቀሪው ብቻ ይወሰዳል። ቡድኑ Z_n ተብሎ ይጻፋል። አውቶሞርፊዝም የሚባለው ደግሞ የቡድኑን አባላት አንዱንም ሳይደግምና ሳያጎድል እርስ በርስ የሚያለዋውጥ፣ ነገር ግን የመደመርን ሕግ የማያፈርስ፣ ማለትም f(x + y) = f(x) + f(y) የሚለውን እኩልነት ለሁሉም አባላት የሚያሟላ ፈንክሽን ነው።

የZ_8ን አባላት በ40,320 መንገዶች ማለዋወጥ ይቻላል፤ ከእነዚህ ውስጥ አውቶሞርፊዝም የሚሆኑት ግን 4 ብቻ ናቸው። ቁጥሩ ይህን ያህል የሚያንሰው የ1 መድረሻ የሌሎቹን ሁሉ መድረሻ ስለሚወስን ነው፦ f(1) = a ከሆነ f(2) የግድ a + a ይሆናል፣ f(3) ደግሞ a + a + a፣ በአጠቃላይም f(k) = ka ይሆናል። ስለዚህ ፈንክሽኑ በa ከማባዛት ሌላ ምንም አይደለም፤ f_a ብሎ መጥራትም ይበቃል። ይሁንና ማንኛውም a አይሆንም። በZ_8 ውስጥ a = 2 ቢመረጥ የመደመር ሕጉ ባይፈርስም 0 እና 4 ሁለቱም 0 ላይ ያርፋሉ፣ ጎዶሎ ቁጥሮች ላይ ደግሞ የሚደርስ አይኖርም። a = 3 ሲሆን ግን ከ0 እስከ 7 ያሉት አባላት በቅደም ተከተል ወደ 0፣ 3፣ 6፣ 1፣ 4፣ 7፣ 2፣ 5 ስለሚሄዱ የቀረም የተደገመም የለም።

የትኛው a እንደሚያገለግል ለማወቅ 1 ላይ የሚደርስ አባል መኖሩን መመልከት ይበቃል። f_a ሁሉም አባላት ላይ የሚደርስ ከሆነ 1 ላይም ይደርሳልና ab ለn ሲካፈል ቀሪው 1 የሚሆንበት b አለ፤ በተቃራኒውም እንዲህ ያለ b ካለ፣ በa የተባዛውን በb ማባዛት ወደነበረበት ይመልሰዋል። እንዲህ ያለ ተገላቢጦሽ ያላቸው ቀሪዎች የሞዱሎ n ዩኒቶች ይባላሉ፣ ስብስባቸውም U(n) ተብሎ ይጻፋል፤ እነርሱም ከn ጋር ያላቸው ታላቁ የጋራ አካፋይ 1 የሆነ ቁጥሮች ናቸው። ብዛታቸው በኦይለር ስም የሚጠራው φ(n) ነው።

ዝምድናው ከብዛት ያልፋል። አስቀድሞ f_b፣ ቀጥሎ f_a ቢሠራ k ወደ abk ስለሚሄድ፣ ሁለቱን አውቶሞርፊዝሞች ማከታተል ቁጥሮቻቸውን ከማባዛት ጋር አንድ ነው፤ የአውቶሞርፊዝሞቹ ቡድን Aut(Z_n)ና U(n)ም ኢሶሞርፊክ፣ ማለትም በአሠራር አንድ ዓይነት ናቸው። ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቡድኑ የመደመር ስለሆነ አውቶሞርፊዝሞቹም የሚደመሩ ይመስለዋል። በZ_8 ውስጥ f_3 እና f_5 ቢደመሩ ግን ሁሉንም አባል ወደ 0 የሚወስድ ፈንክሽን ይገኛል፤ ይህም አውቶሞርፊዝም አይደለም።

Z_10ም እንደ Z_8 አራት አውቶሞርፊዝሞች አሉት፤ የሁለቱ አወቃቀር ግን ይለያያል። በU(10) ውስጥ 3 ደጋግሞ በራሱ ሲባዛ 3፣ 9፣ 7፣ 1 እየሰጠ ሁሉንም ዩኒቶች ስለሚያዳርስ ቡድኑ ዑደታዊ ነው። በU(8) ግን 3፣ 5 እና 7 እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሲባዙ 9፣ 25 እና 49 ይሰጣሉ፣ የሁሉም ቀሪ 1 ነው፤ ስለዚህ አራቱን የሚያመነጭ አንድ አባል የለም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ a ጎዶሎ ሲሆን a² − 1 የሁለት ተከታታይ ተጋማሽ ቁጥሮች፣ የa − 1 እና የa + 1፣ ብዜት ነው፤ ሁለቱም ተጋማሽ፣ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ለ4 የሚካፈል በመሆኑ ብዜቱ ምንጊዜም ለ8 ይካፈላል። ጋውስ በ1801 ባሳተመው የቁጥር ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ U(n) ዑደታዊ የሚሆነው መቼ እንደሆነ ለይቶ አሳይቷል፦ n ከ1፣ 2 እና 4 አንዱ ሲሆን፣ ወይም p ጎዶሎ ዋና ቁጥር ሆኖ n = p^k ወይም n = 2p^k ሲሆን ነው። ከዚህ ዝርዝር ውጭ የሚቀረው የመጀመሪያው ቁጥር 8 ነው።

ከአውቶሞርፊዝሞቹ ተነሥቶ ቡድኑን መልሶ ማግኘት ግን አይቻልም። የU(12) አባላት 1፣ 5፣ 7 እና 11 ሲሆኑ፣ እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሲባዙ ቀሪያቸው 1 ስለሆነ Z_8 እና Z_12 አንድ ዓይነት የአውቶሞርፊዝም ቡድን አላቸው። በሌላ በኩል በትክክል ሦስት አውቶሞርፊዝሞች ያሉት ዑደታዊ ቡድን ፈጽሞ የለም፦ n ከ2 ሲበልጥ እያንዳንዱን x ወደ −x የሚወስደው አውቶሞርፊዝም ሁለት ጊዜ ሲሠራ ሁሉን ወደ ቦታው ስለሚመልስ፣ በላግራንዥ ቲዎረም መሠረት φ(n) የግድ ተጋማሽ ነው። ማለቂያ የሌለው ዑደታዊ ቡድን፣ ማለትም የኢንቲጀሮች ቡድን Z፣ ከኢንቲጀሮች መካከል ተገላቢጦሻቸው ኢንቲጀር የሆኑት 1 እና −1 ብቻ ስለሆኑ፣ ሁለት አውቶሞርፊዝሞች ብቻ አሉት።