ከፓርክላንድስ የተላኩ አራት መልእክቶች

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ናይሮቢ ውስጥ፣ ፓርክላንድስ፣ ከዳይመንድ ፕላዛ ብዙም ሳይርቅ፣ ለድግስ ምግብ የምታቀርብ አንዲት ያገራችን ልጅ አለች። ማርች 3 ቀን ለአንድ ያገር ሰው ድርጅት የ120 ሰው ምሳ አቀረበች። በሰው 1,500 ሽልንግ ሲታሰብ 180,000፣ 16 በመቶ ቫት ሲጨመር 208,800 ሽልንግ። ኢንቮይሱን በዕለቱ ላከች፤ መክፈያው 30 ቀን ነው። ኤፕሪል 2 መጣ፣ አለፈ። ብሩ የለም።

ባለዕዳው በዕድሜ አባቷ ይሆናል፤ «ጋሼ» ነው የምትለው። ይሉኝታ ያዛት። ግን የኬንያ ግብር ሰብሳቢ ይሉኝታ አያውቅም፦ ቫቱ የሚቆጠረው ኢንቮይሱ ሲቆረጥ እንጂ ገንዘቡ ሲገባ አይደለም። የማርችን ሂሳብ እስከ ኤፕሪል 20 ማሳወቅ አለባት፤ ያልተቀበለችው 28,800 ሽልንግ እዚያ ውስጥ አለ። እንግዲህ ዝም ካለች የሰውየውን ግብር ከራሷ ኪስ ማበደሯ ነው።

ኤፕሪል 3 ጠዋት በዋትሳፕ እንዲህ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የማርች 3 ምሳ ኢንቮይስ፣ ቁጥር 47፣ 208,800 ሽልንግ፣ መክፈያ ቀኑ ትናንት ነበር። ኢንቮይሱን እንደገና አያይዤዋለሁ፤ የባንክ ቁጥሩ ግርጌው ላይ አለ። ከፍለው ከሆነ የላኩበትን ማስረጃ ያሳዩኝ። በምግቡም ሆነ በሂሳቡ ቅር ያለዎት ነገር ካለ ይንገሩኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉልኝ። ቅሬታ ካለ በመጀመሪያው ቀን መውጣት አለበት፤ በስድስተኛው ሳምንት «ወጡ ቀዝቃዛ ነበር» የሚል ሰው ሞልቷል። ጋሼ አነበቡ፤ መልስ ግን የለም።

ኤፕሪል 13 ሁለተኛውን ላከች። አሁን ግን የላከችው በኢሜይል ለድርጅቱ ሂሳብ ሠራተኛ ነው፣ ግልባጩ ለጋሼ። የቀደመውን ሁሉ ከደገመች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረች፦ «ክፍያው በየትኛው ቀን ይወጣል?» «መቼ ይከፍሉኛል» ቢባል መልሱ «በቅርቡ» ነው፤ ቀን ሲጠየቅ ግን ሰው ቀን ይፈልጋል። መልሱ በሰዓታት ውስጥ መጣ። ኢንቮይሱ ላይ ኤልፒኦ፣ ማለትም የግዢ ትእዛዙ ቁጥር ስላልተጻፈ ፋይሉ ቆሟል። ሂሳብ ሠራተኛው አክሎም «ከዛሬ ጀምሮ 30 ቀን ይቆጠራል» አለ።

እሷም ኤልፒኦውንና ምግቡ ሲደርስ የተፈረመበትን ወረቀት ወዲያው ላከች። ቀኑን ግን አልለቀቀችም፦ «የጎደለውን አሟልቻለሁ። ምግቡ የቀረበውም ኢንቮይሱ የደረሰዎትም ማርች 3 ስለሆነ መክፈያው ኤፕሪል 2 እንደሆነ ይቆያል።» ሂሳብ ሠራተኛው ኤፕሪል 24 ይከፈላል ብሎ ጻፈ።

24 አለፈ። በማግስቱ ሦስተኛው ሄደ፣ አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ ትናንት ይከፈላል ተብሎ በጽሑፍ ተነግሮኝ ነበር፤ አልገባም። እባክዎ እስከ ማክሰኞ ያስገቡልኝ።» ንዴት የለበትም፤ የራሳቸውን ቃል ብቻ መለሰችላቸው። ከቀናት በኋላ 100,000 ሽልንግ በኤምፔሳ ገባ። እሷም ያኔውኑ «100,000 ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ። ከኢንቮይስ 47 ቀሪው 108,800 ነው» ብላ ጻፈች። ይህ ምስጋና ብቻ አይደለም። ከፊሉን የከፈለ፣ ቀሪው ተጽፎለትም ያልተቃወመ ሰው በኋላ «ዕዳ የለብኝም» ሊል ይከብደዋል።

በዚህ ሁሉ መሀል እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይገናኙ ነበር። ሰላም ብላ ታልፋለች። ለዘመድ አልነገረችም፣ በማኅበሩ ዋትሳፕም አንዲት ቃል አላነሳችም። በአደባባይ የተነካ ሰው ክብሩን ሲያስመልስ ዕዳውን ይረሳል፤ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ሜይ 8 አራተኛው በደብዳቤ ወጣ፣ በኢሜይልም ተላከ፦ «ቀሪው 108,800 ሽልንግ ከአምስት ሳምንት በላይ ዘግይቷል። እስከ ሜይ 15 ካልገባ ጉዳዩን ለስሞል ክሌምስ ፍርድ ቤት አቀርባለሁ። በሁለት ክፍያ ማጠናቀቅ ከፈለጉ ሁለቱን ቀኖች እስከ ሜይ 12 በጽሑፍ ያሳውቁኝ።»

ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም። ፍርድ ቤቱ በ2016 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ በ2021 ሥራ የጀመረ፣ እስከ 1 ሚሊዮን ሽልንግ የሚደርስ ክርክር የሚያይ፣ ያለ ጠበቃ የሚቀርቡበት ነው፤ ሕጉ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዘዋል። መፍረድ አንድ ነገር፣ ማስፈጸም ሌላ ነገር ቢሆንም፣ ኤልፒኦው፣ የተፈረመው ወረቀትና መልእክቶቹ በቀን ተራ ታትመው አቃፊ ውስጥ ተቀምጠዋል። የምትፈጽመውን ብቻ ነው የጻፈችው።

ሜይ 14 ቀሪው ገባ። ጋሼ ደውለው ይቅርታ ጠየቁ፤ እነሱም ከደንበኞቻቸው ገንዘብ ተይዞባቸው ነበር። ለጁን የ80 ሰው ግብዣም አዘዙ። እሷ በደስታ ተቀበለች፤ ዋጋውን ስትልክ ግን የኤልፒኦ ቁጥሩን ቀድማ ጠየቀች፣ «ግማሹ ከግብዣው በፊት ይከፈላል» የሚልም ጨመረች። ጋሼም ግማሹን በዚያው ሳምንት ላኩ።